የሕክምና ወጪ ተመላሽ ጥያቄ ውድቅ ሲደረግ፦ በመድን ውሉ በራሱ ቃል ይግባኝ ማቅረብ

በአሜሪካ የሚኖር ሰው ለጉብኝት ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ በድንገት ቢታመም፣ የሚታከምበት ሆስፒታል አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን የሚጠይቀው ከመድን ኩባንያው ሳይሆን ከራሱ ከታካሚው ነው። ታካሚው ከኪሱ ከፍሎ ይመለስና ደረሰኙን አያይዞ ገንዘቡ እንዲተካለት ኩባንያውን ይጠይቃል። ከሳምንታት በኋላ የሚደርሰው መልስ ግን "ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም" የሚል ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ወደ ኩባንያው ደውለው ችግራቸውን ያስረዳሉ፤ ሕመሙ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ፣ ለዓመታት ወርኃዊ ክፍያ ሳያቋርጡ እንደከፈሉ ይናገራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም ውሳኔ የማስለወጥ አቅሙ አነስተኛ ነው። ይግባኙን የሚመረምረው ሠራተኛ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሉ ይህንን ወጪ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም? ስለዚህ ጠንካራ ይግባኝ ማለት የውሉን አንቀጽ ጠቅሶ፣ የተፈጸመው ነገር በአንቀጹ ውስጥ መውደቁን በማስረጃ የሚያሳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ በአሠሪያቸው በኩል የጤና መድን ያላቸው ሰዎች በውጭ አገር ላገኙት ድንገተኛ ሕክምና ይህን ዓይነት ይግባኝ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ለማብራሪያ በተዘጋጀ አንድ ምሳሌ ያሳያል።

ምሳሌው

በቨርጂንያ የሚኖሩ የ52 ዓመት ወይዘሮ ለጥምቀት በዓል አዲስ አበባ ነበሩ እንበል። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ወደ ግራ ክንዳቸው የሚዘልቅ የደረት ሕመም ይጀምራቸውና ላብ ያጠምቃቸዋል። የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው፤ አባታቸውም የሞቱት በልብ ድካም ነው። ቤተሰብ በአቅራቢያው ወዳለ የግል ሆስፒታል ያደርሳቸዋል። በድንገተኛ ክፍል የደም ግፊታቸው 178 በ102፣ የልብ ምታቸው በደቂቃ 112 ሆኖ ይመዘገባል። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና በሰዓታት ልዩነት ሁለት ጊዜ የደም ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ ሌሊቱን ተኝተው ይታያሉ። በማግሥቱ ልባቸው ደኅና መሆኑ ተረጋግጦ፣ ሕመሙ የጨጓራ ነው ተብለው ይወጣሉ። ለዚህ 55,400 ብር ይከፍላሉ። ከአራት ቀናት በኋላ ደግሞ በቀጠሮ ተመልሰው በ21,000 ብር የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ያደርጋሉ።

ወደ አሜሪካ ሲመለሱ የሁለቱንም ድምር፣ 76,400 ብር፣ እንዲተካላቸው ይጠይቃሉ። ማርች 10 የደረሳቸው ደብዳቤ ጥያቄውን በሙሉ በሦስት ምክንያቶች ውድቅ ያደርገዋል፦ ሕክምናው የተሰጠው ከአሜሪካ ውጭ ነው፤ ቅድመ ፈቃድ አልተጠየቀም፤ የመጨረሻው የምርመራ ውጤት "የጨጓራ ሕመም" በመሆኑ ጉዳዩ ድንገተኛ አልነበረም።

የውድቅ ደብዳቤውን ማንበብ

ከኩባንያው የሚመጡት ወረቀቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ምን ያህል እንደተጠየቀ፣ ምን ያህል እንደተከፈለና ታካሚው ምን ያህል እንደሚቀርበት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው። በእርሱ ላይ የእምቢታው ምክንያት ብዙውን ጊዜ በአጭር ኮድ ብቻ ይጻፋል። ሁለተኛው ውሳኔውን የሚያብራራው ማስታወቂያ ነው። አብዛኞቹን በግል አሠሪዎች የሚቀርቡ መድኖች የሚገዛው ኤሪሳ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የ1974 የፌዴራል ሕግ ነው። በሥሩ በወጣው ደንብ መሠረት ይህ ማስታወቂያ የእምቢታውን ልዩ ምክንያት፣ ኩባንያው የተመሠረተበትን የውል ድንጋጌ፣ እንዲሁም የይግባኙን አካሄድና የጊዜ ገደብ መግለጽ አለበት።

አመልካቹ መጀመሪያ የሚያደርገው እያንዳንዱን ምክንያት ለይቶ ቁጥር መስጠት ነው። በምሳሌያችን ሦስት ምክንያቶች ስላሉ ይግባኙም ለሦስቱ መልስ መስጠት አለበት። ለሁለቱ መልሶ ሦስተኛውን የዘለለ ይግባኝ፣ ባልተመለሰው አንድ ምክንያት ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

ደብዳቤው የደረሰበት ቀንም መመዝገብ አለበት። በእነዚህ መድኖች አመልካቹ ይግባኝ ለማቅረብ ቢያንስ 180 ቀናት አሉት። ማርች 10 የደረሰ ደብዳቤ የመጨረሻ ቀኑ ሴፕቴምበር 6 ነው። በስልክ ማማረር ይህንን ቆጠራ አያስቆመውም፤ "ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ" ማለትም በጽሑፍ የቀረበ ይግባኝን አይተካም።

ሙሉውን ውል በእጅ ማስገባት

ብዙ ሰዎች ውሌ ነው ብለው የሚይዙት በየዓመቱ በምዝገባ ወቅት የሚሰጠውን የጥቂት ገጽ የጥቅሞች ማጠቃለያ ነው። ይግባኝ የሚቆመው ግን በሙሉው ሰነድ ላይ ነው። ማጠቃለያ የውሉ ቃል ራሱ አለመሆኑን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ውሳኔ ገልጿል። ስለዚህ "የተሟላውን የመድን ውል ሰነድ፣ ሕክምናው በተሰጠበት ዓመት ሲሠራበት የነበረውን" ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውሎች በየዓመቱ ስለሚለወጡ ዓመቱን መጥቀስ አይዘለልም።

ጥያቄው ለሁለት ወገኖች ይላካል። የውሉ ሰነድ የሚጠየቀው የመድኑ አስተዳዳሪ ተብሎ ከተሰየመው አካል ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ አሠሪው ራሱ ነው። አስተዳዳሪው በጽሑፍ ተጠይቆ በ30 ቀናት ውስጥ ሰነዱን ካልሰጠ፣ ፍርድ ቤት ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 110 ዶላር ሊያስከፍለው ይችላል። ከኩባንያው ደግሞ የጉዳዩ ሙሉ ፋይል ይጠየቃል። ውሳኔውን የሰጠው ባለሙያ የጻፈው ማስታወሻ፣ የተጠቀመበት የውስጥ መመሪያ፣ የተማከረው ሐኪም ማንነት በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። አመልካቹ እነዚህን ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው።

ፋይሉ ብዙ ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል። በምሳሌያችን የኩባንያው ሠራተኛ ያየው መውጫ ወረቀቱን ብቻ መሆኑ ከፋይሉ ይታወቃል እንበል። ወይዘሮዋ በሌሊት ሲገቡ የተጻፈው የድንገተኛ ክፍል መዝገብ በፋይሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ይግባኙ ምን ማሟላት እንዳለበት ግልጽ ይሆናል።

ውሉን በምን ቅደም ተከተል ማንበብ

የመድን ውል መቶ ገጽ ሊያልፍ ይችላል። ለይግባኝ የሚያስፈልጉት ክፍሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ የማይሸፈኑ ነገሮች ዝርዝር፣ የተሸፈኑ አገልግሎቶች ክፍል እና የቃላት ትርጓሜ።

በመጀመሪያ ደብዳቤው የጠቀሰው የማይሸፈኑ ነገሮች አንቀጽ እስከ መጨረሻው ይነበባል። በምሳሌያችን ደብዳቤው "ከአሜሪካ ውጭ የተሰጠ ሕክምና አይሸፈንም" ይላል። አንቀጹ ራሱ ግን እዚያ ላይ አያበቃም፤ "ድንገተኛ የጤና ችግር ካልሆነ በስተቀር" ብሎ ይቀጥላል። የውድቅ ደብዳቤ የአንቀጹን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ሊጠቅስ ስለሚችል፣ "በስተቀር"፣ "ካልሆነ"፣ "እንደተጠበቀ ሆኖ" የሚሉት ቃላት ያሉበት ቦታ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ቀጥሎ የተሸፈኑ አገልግሎቶች ክፍል ይነበባል። በዚያ ድንገተኛ ሕክምና ያለ ቅድመ ፈቃድ እንደሚሸፈን ተጽፏል። ይህ ሁለተኛውን ምክንያት ይመልሳል፤ ነገር ግን ጉዳዩ በእርግጥ ድንገተኛ ከነበረ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ምክንያቶች በአንድ ቃል ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ውሉ "ድንገተኛ" የሚለው ምንን ነው?

መልሱ የሚገኘው በቃላት ትርጓሜ ክፍል ነው። በአሜሪካ የመድን ውሎች ውስጥ በስፋት የሚገኘው ትርጓሜ በይዘቱ እንዲህ ነው፦ ድንገተኛ የጤና ችግር ማለት፣ ስለ ጤናና ሕክምና አማካይ ዕውቀት ያለው አስተዋይ ተራ ሰው፣ አፋጣኝ ሕክምና ካልተገኘ ጤናው ለከባድ አደጋ ይጋለጣል፣ ወይም አካሉ ከባድ ጉዳት ይደርስበታል ብሎ በምክንያት ሊጠብቅ የሚችልበት፣ ከባድ ሕመምን ጨምሮ በብርቱ ምልክቶች የሚገለጥ ሁኔታ ነው።

ይህ አነጋገር ከሕግ የመጣ ነው። በ1997 በወጣ ሕግ በሜዲኬርና በሜዲኬድ ውስጥ ገባ፤ በ2010 በወጣው የጤና ጥበቃ ሕግ ደግሞ ወደ አብዛኞቹ የግል መድኖች ተስፋፋ። ዓላማው ሰዎች "ምናልባት ቀላል ሆኖ ቢገኝስ፣ ማን ይከፍልልኛል?" በሚል ፍርሃት ከድንገተኛ ክፍል እንዳይቀሩ ነው። የትርጓሜው መለኪያ ሕመምተኛው በዚያ ሰዓት የተሰማው ምልክት ነው። ሐኪሞች በማግሥቱ የደረሱበት የምርመራ ውጤት በትርጓሜው ውስጥ አልተጠቀሰም። ኩባንያው "ውጤቱ የጨጓራ ሕመም ነው" ሲል ውሉ የማያውቀውን መለኪያ ተጠቅሟል ማለት ነው። የይግባኙ ዋና ክርክር ይህ ነው።

እያንዳንዱን ቃል ከማስረጃ ጋር ማገናኘት

ትርጓሜው በክፍል በክፍል ይፈታና ለእያንዳንዱ አንድ ማስረጃ ይፈለጋል። "ብርቱ ምልክቶች" ለሚለው፣ ሲገቡ የተጻፈው የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰዓቱን፣ ሕመምተኛዋ የተናገሩትን፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ልኬቱን ይዟል። "አስተዋይ ተራ ሰው በምክንያት ሊጠብቅ የሚችል" ለሚለው፣ ወይዘሮዋ የደም ግፊት እንዳለባቸው የሚያሳይ የቀድሞ የሕክምና መዝገብና የቤተሰባቸው የልብ ሕመም ታሪክ ይቀርባል። ሆስፒታሉ የልብ ምርመራ ማድረጉና ሌሊቱን ማቆየቱ፣ ምልክቱን ባለሙያዎችም አክብደው እንዳዩት ያሳያል።

በአሜሪካ ያለው የግል ሐኪማቸው አጭር ደብዳቤ ቢጽፍ ይጠቅማል፤ ይዘቱ ግን ወሳኝ ነው። "ታካሚዬ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር" የሚል ደብዳቤ ብዙም አይረዳም። "የደም ግፊትና የቤተሰብ የልብ ሕመም ታሪክ ላላት የ52 ዓመት ሴት፣ ወደ ክንድ የሚዘልቅ የደረት ሕመም ከላብ ጋር ሲከሰት አፋጣኝ ሕክምና አለመፈለግ ለከባድ አደጋ ያጋልጣል" የሚለው ግን የውሉን ትርጓሜ በቀጥታ ይመልሳል። ስለዚህ የትርጓሜውን ገጽ ለሐኪሙ መስጠት ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ የሚመጡ ሰነዶች የራሳቸው ችግር አላቸው። ድምሩን ብቻ የያዘ ደረሰኝ አይበቃም፤ አገልግሎቱን በዝርዝር ከነቀኑና ከነዋጋው የሚያሳይ ሒሳብ ከሆስፒታሉ መጠየቅ አለበት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ የአውሮፓው አቻ፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ አቻው መገለጽ ይኖርበታል። "5 ሰዓት" ተብሎ በቀጥታ የተተረጎመ የሌሊት ሰዓት ከምሽቱ 11 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ እንደ ማለዳ ወይም እንደ አመሻሽ ሊነበብ ይችላል። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይያያዛል።

የማይሸፈነውን ለይቶ መተው

በምሳሌያችን ከአራት ቀናት በኋላ በቀጠሮ የተደረገው የ21,000 ብር ኢንዶስኮፒ በትርጓሜው ውስጥ አይወድቅም። ቀጠሮ ተይዞለት የተደረገ ምርመራ ድንገተኛ ነው ብሎ መከራከር፣ ለጠንካራው ክፍል የሚሰጠውን እምነት ይቀንሳል። ወይዘሮዋ በይግባኛቸው ይህንን ትተው የዚያችን ሌሊት 55,400 ብር ብቻ ይጠይቃሉ። ኩባንያው ጥያቄውን በጅምላ ውድቅ ካደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ሁለቱ ሒሳቦች ተቀላቅለው መቅረባቸው ሊሆን ስለሚችል፣ መለየቱ በራሱ ይጠቅማል።

የደብዳቤው አሠራር

ደብዳቤው ለኩባንያው የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤ የውሉም ቃል ሳይለወጥ እንደተጻፈ ይጠቀሳል። ሁለት ገጽ ይበቃዋል። በይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

> ማርች 10 በደረሰኝ ደብዳቤ የተገለጸው ውሳኔ እንዲሻርና ለድንገተኛ ሕክምና የከፈልሁት 55,400 ብር፣ ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ምንዛሪ በዶላር ተሰልቶ እንዲተካልኝ ይግባኝ አቀርባለሁ።
>
> ውሳኔው ከአሜሪካ ውጭ የተሰጠ ሕክምና አይሸፈንም ይላል። የተጠቀሰው አንቀጽ ግን ድንገተኛ የጤና ችግርን በግልጽ ለይቶ ያስቀራል።
>
> ውሳኔው ቅድመ ፈቃድ አልተጠየቀም ይላል። ውሉ ለድንገተኛ ሕክምና ቅድመ ፈቃድ አይጠይቅም።
>
> ውሳኔው የመጨረሻው ውጤት የጨጓራ ሕመም ስለሆነ ጉዳዩ ድንገተኛ አልነበረም ይላል። የውሉ ትርጓሜ የሚመዝነው ምልክቶቹንና አስተዋይ ተራ ሰው ከእነርሱ በመነሣት የሚጠብቀውን ነው፤ ስለ መጨረሻ ውጤት አይናገርም። በዚያች ሌሊት የነበሩኝ ምልክቶች በአባሪ 1 ተመዝግበዋል። ይህ መዝገብ በመጀመሪያው ውሳኔ ጊዜ በፋይሉ ውስጥ አልነበረም።
>
> ውሳኔው የሚጸና ከሆነ፣ ምልክቶቼ ከትርጓሜው የትኛውን ቃል እንደማያሟሉ እንዲገለጽልኝ፣ የተማከራችሁት ሐኪም ማንነትም እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።

የመጨረሻው አንቀጽ የተጻፈው በምክንያት ነው። ኩባንያው እንደገና እምቢ ቢል ከውሉ ቃል ጋር ተፋጥጦ እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ ያ መልስ ደግሞ ለቀጣዩ እርምጃ መነሻ ይሆናል። ደብዳቤው መድረሱን በሚያረጋግጥ የአደራ ፖስታ ወይም ማረጋገጫ በሚሰጥ የኩባንያው መቀበያ መላክ አለበት።

ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል?

ሕክምናው አስቀድሞ የተሰጠ ስለሆነ፣ አንድ የይግባኝ ደረጃ ብቻ ያለው መድን በ60 ቀናት ውስጥ መወሰን አለበት። ሜይ 4 የደረሰው ይግባኝ እስከ ጁላይ 3 መልስ ማግኘት ይኖርበታል። መርማሪው የመጀመሪያውን ውሳኔ የሰጠው ሰው ወይም የእርሱ የበታች መሆን አይችልም። ጉዳዩ የሕክምና ግምገማ የሚጠይቅ ከሆነም በመስኩ ተገቢ ሥልጠና ያለው ባለሙያ መማከር አለበት።

አንዳንዴ ኩባንያው የመጀመሪያውን ምክንያት ትቶ አዲስ ምክንያት ያነሣል፤ ለምሳሌ "ዝርዝር ሒሳብ አልቀረበም" ሊል ይችላል። ውሳኔው የሚመሠረተው በአዲስ ምክንያት ከሆነ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት አመልካቹ መልስ መስጠት በሚችልበት ጊዜ ሊነገረው ይገባል።

ይግባኙም ውድቅ ከሆነና ጉዳዩ የሕክምና ግምገማ ያለበት ከሆነ፣ አመልካቹ የመጨረሻው ውሳኔ ከደረሰው በኋላ በአራት ወራት ውስጥ በገለልተኛ አካል እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ሕክምናው ድንገተኛ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር በዚህ ሥር ይወድቃል። ገለልተኛው አካል በመደበኛ አሠራር በ45 ቀናት ውስጥ ይወስናል፤ ውሳኔውም ኩባንያውን ያስገድዳል።

ጥያቄው የሚቀርብበት ቦታ በመድኑ ዓይነት ይለያያል። ኩባንያው ራሱ ወጪውን የሚሸፍንበት መድን በግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ ሥር ነው። አሠሪው ከራሱ ገንዘብ የሚከፍልበትና ኩባንያው የማስተዳደር ሥራ ብቻ የሚሠራበት መድን ደግሞ በፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ሥር ነው። ካርዱ ላይ የሚታየው የኩባንያ ስም ልዩነቱን ስለማይናገር፣ የሥራ ቦታውን የሰው ኃይል ክፍል መጠየቅ ይሻላል። በሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ያላቸው ሰዎች የመሥሪያ ቤቱን የሠራተኞች ጥቅም ክፍል በስልክ ቁጥር 1-866-444-3272 ማነጋገር ይችላሉ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ በኤሪሳ ሥር ያሉ ክርክሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በይግባኙ ወቅት በፋይሉ ውስጥ በነበረው ማስረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ "ይህንን ለዳኛው አቀርበዋለሁ" ብሎ ሰነድ ማቆየት አደገኛ ነው።

የዚህ መንገድ ወሰን

ከውሉ ቃል መነሣት የሚረዳው ውሉ የሚረዳ ቃል ሲኖረው ነው። ከአሜሪካ ውጭ የሚሰጥን ሕክምና ያለ ምንም ልዩነት የሚያስቀር ውል ካለ፣ የይግባኝ ደብዳቤ ያልተጻፈውን ሽፋን አይፈጥርም። መደበኛው ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በውጭ አገር የተገኘ ሕክምናን አይከፍልም። የሜዲጋፕ ተጨማሪ መድን ካላቸው ግን አንዳንዶቹ ዓይነቶች ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ለተከሰተ ድንገተኛ ሕክምና፣ ከ250 ዶላር ተቀናሽ በኋላ 80 ከመቶውን ይሸፍናሉ፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያውም 50,000 ዶላር ነው።

የጊዜ ገደቦቹም ከአገር አገር ይለያያሉ። በብሪታንያ የግል መድን ኩባንያ ለቅሬታ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው፤ ከዚያም ደንበኛው በስድስት ወር ውስጥ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው መሄድ ይችላል። በጀርመን የሕዝብ የጤና መድን በሰጠው ውሳኔ ላይ ተቃውሞ የሚቀርበው በመደበኛነት በአንድ ወር ውስጥ ነው።

በመጨረሻም ይግባኝ ማሸነፍና ቼክ መቀበል አንድ አይደሉም። ወይዘሮዋ ውሳኔውን ቢያስለውጡም፣ የዓመቱ ተቀናሻቸው ገና ካልሞላ ኩባንያው 55,400 ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ በሙሉ ወይም በከፊል ከተቀናሹ ላይ ሊያስበው ይችላል። ያኔ ገንዘቡ በእጃቸው ባይገባም፣ በዚያው ዓመት ለሚከተለው ሕክምና ከኪሳቸው የሚከፍሉት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ አዲሱ ሰንጠረዥ ሲደርሳቸው "ተቀባይነት አግኝቷል" የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሆን ከተቀናሹ ላይ የተያዘው መጠን በትክክል መመዝገቡን ማየት ይኖርባቸዋል።